ከሥርወ ቃል ባዶ ቦታ ሙላ፦ ለአንድ ቦታ ሁለት መልስ ሲመጣ እንዴት ይታረማል? (የታንኳው ምንባብ)

ጣና ዳር መምህርት

እንዴት ሰነበታችሁ። ባሕር ዳር ለ9ኛ ክፍል አማርኛ ያዘጋጀሁት መልመጃ ሲታረም አስቸገረኝ። በቅንፍ የተሰጠውን ግሥ ወደ ስም፣ ወደ ቅጽል ወይም ወደ ተውሳከ ግሥ ለውጦ ባዶውን መሙላት ነው። ምንባቡ ይኸው፦

«በጣና ዳርቻ ታንኳ ከደንገል ይሠራል። ታንኳው ላይ የሚቀመጠው (1) ____ [ቀዘፈ] ረጅም የቀርከሃ (2) ____ [ቀዘፈ] ይይዛል። ሐይቁ ብዙ (3) ____ [ጠለቀ] የለውም፤ ነፋስ ሲነሣ ግን ማዕበሉ ለታንኳ (4) ____ [ከበደ] ነው። ስለዚህ ዓሣ (5) ____ [ጠመደ] ሰማዩ ሲጠቁር (6) ____ [ፈጠነ] ወደ ዳር ይመለሳሉ። ለዚህ ሥራ የረጅም ጊዜ (7) ____ [ለመደ] ያስፈልጋል።»

የመልስ ቁልፌ ቀዛፊ፣ መቅዘፊያ፣ ጥልቀት፣ ከባድ፣ አጥማጆች፣ በፍጥነት፣ ልምድ ይላል። ከተማሪዎቹ ግን በ3 «ጥልቅነት»፣ በ4 «የከበደ»፣ በ5 «ጠማጆች»፣ በ6 «ፈጥነው»፣ በ7 «ልምምድ» የጻፉ አሉ። እነዚህን ሁሉ ስሕተት ማለት ከበደኝ፤ ትክክል ማለትም እንዲሁ። ጥፋቱ የተማሪው ነው ወይስ የጥያቄው?

አቡጊዳ

ሰላም መምህርት። ነገሩ ያን ያህል ውስብስብ አይደለም። ልጆቹ ባዕድ መድረሻዎችን በደንብ አልያዙም ማለት ነው። ስም ከተፈለገ «ነት» ወይም «ት» መጨረሻው ላይ ይገባል፤ ቅጽል ከተፈለገ «ኣዊ»፣ «ኣማ»፣ «ኛ» ይገባል፤ ተውሳከ ግሥ ከሆነ «በ» ከፊት። ታሪክ ታሪካዊ፣ ተራራ ተራራማ፣ ኃይል ኃይለኛ፣ ፍጥነት በፍጥነት። ይህን በሰንጠረዥ አድርገሽ ግድግዳ ላይ ለጥፊላቸው፤ በሁለት ሳምንት ይለመዳል።

የሰዋስው ወዳጅ

አቡጊዳ የጠቀስከው ለግማሹ ይሠራል። «ታሪክ»፣ «ተራራ»፣ «ኃይል» ቀድሞውኑ ስሞች ናቸው፤ በእነሱ ላይ ቅጥያ መለጠፍ ይበቃል። የመምህርት መልመጃ ግን የሚነሣው ከግሥ ነው። ከግሥ ሲነሡ ቃሉ ውስጡ ይለወጣል። «ቀዘፈ»ን ወስደህ መጨረሻው ላይ ምንም ብትለጥፍ «ቀዛፊ» አይሆንልህም፤ መካከለኛው ፊደል ከግእዝ ወደ ራብዕ፣ የመጨረሻው ወደ ሣልስ መሄድ አለበት። «ጥልቀት»ም «ጠለቀ» ላይ «ት» የተጨመረበት አይደለም፤ መጀመሪያ ጠ ወደ ጥ ወርዷል። ሰንጠረዡን ብቻ የያዘ ልጅ «ጠለቀነት» ይጽፋል።

አሁን ወደ ጥያቄዎቹ። መምህርት፣ 3 ላይ «ጥልቅነት» የጻፈው ልጅ ሰዋስው አላጠፋም። «የሐሳቡ ጥልቅነት» ቢል ማን ይቃወመዋል? ጥያቄው ነው ልኩን ያላሳየው። ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ቁጥር ካስገባሽ ነገሩ ያበቃል፦ «የሐይቁ ከፍተኛ ____ 14 ሜትር ገደማ ነው»። በሜትርና በኪሎ የሚለካ ነገር ሲመጣ ጥልቀት፣ ርዝመት፣ ስፋት፣ ክብደት እንጂ ጥልቅነት፣ ረጅምነት፣ ሰፊነት፣ ከባድነት አይገባም። «የጆንያው ከባድነት 50 ኪሎ ነው» ብሎ የሚናገር አማርኛ ተናጋሪ የለም፤ ልጁ ጆሮው ራሱ ያርመዋል።

4 ላይ «የከበደ» የመጣው ደግሞ በየትኛውም የቅጽል ቦታ ስለሚመጣ ነው። አማርኛ ውስጥ ቅጽል የሚቀመጥበት ቦታ ሁሉ «የ» ያለበት ግሥ ይቀበላል፦ ደረቅ ደንገል፣ የደረቀ ደንገል፤ ሰፊ መንገድ፣ የሰፋ መንገድ። ይህን ዓረፍተ ነገሩን በማስተካከል ማስቀረት አይቻልም። የሚቻለው በትእዛዙ ነው፦ «በ"የ" የሚጀምር ግሥ መልስ አይሆንም» ብለሽ አንድ መስመር ጻፊ። ትእዛዙ ላይ ሳትጽፊው ከሆነ «የከበደ»ን ስሕተት ማለት አይገባም።

5 የአንቺ ስሕተት ይመስለኛል፤ ይቅርታ አድርጊልኝና። «ጠመደ» በሬ የሚጠመድበት ነው፤ ከእሱ «ጥማድ» ይወጣል። ዓሣ የሚያዘው በ«አጠመደ» ነው። በቅንፍ «ጠመደ» ተሰጥቶት «ጠማጆች» የጻፈ ልጅ የተሰጠውን በትክክል አርብቷል፤ ደ ወደ ጅ መለወጡንም አውቋል። እኔ ብሆን ሙሉ ነጥብ እሰጠው ነበር።

የሁለት ልጆች እናት

ይቅርታ ካቋረጥኳችሁ፤ ይህ ርእስ ለእኔም ነው። ልጄ ስምንተኛ ክፍል ናት፤ በእንግሊዝኛው ፈተና «ዲሳይድ» ተሰጥቷት «ዲሲዥን» ማለት ነበረባት፤ «ዲሳይድመንት» ብላ ጻፈች። የትኛው ቃል «መንት»፣ የትኛው «ዥን» እንደሚወስድ የሚያሳይ ዝርዝር ያለው ሰው አለ? እዚህ ግን አማርኛ መሰለኝ የምትነጋገሩት…

የሰዋስው ወዳጅ

እመቤት፣ እዚህ የምንነጋገረው ስለ አማርኛው ነው፤ ግን ላንድ ነገር ይጠቅማል። በእንግሊዝኛው ብዙ ጊዜ የሚለወጠው የቃሉ መጨረሻ ነው፤ አልፎ አልፎ መጀመሪያው ላይ አፍራሽ ይጨመራል። «ሀፒ» ተሰጥቶ ዓረፍተ ነገሩ ልጁ አለቀሰ ካለ መልሱ «አንሀፒ» ነው፤ ልጆች ይህን አፍራሽ በመርሳትም ነጥብ ይጥላሉ። ስለዚህ ልጅሽ ባዶውን ከመሙላቷ በፊት ዓረፍተ ነገሩን ሙሉውን አንብባ «አዎንታ ነው አሉታ?» ብላ ትጠይቅ። «ዥን» እና «መንት» ግን በሕግ አይገዙም፤ ከግሡ ጋር አብሮ መሸምደድ ነው ያለው። አማርኛው ደግሞ አፍራሹን አንዳንዴ ከኋላ፣ አንዳንዴ ከፊት ያደርገዋል፤ «ተስፋ ቢስ»፣ «ኢሰብአዊ» እንደምንለው።

ዘጌ ማዶ

እኔ የምጨምረው ስለ ታንኳው ነው። 2 ላይ «መቅዘፊያ» ልክ ነው፤ ግን ውሃው ጎደል ያለበት ዳር ላይ ረጅሙ ቀርከሃ መሬቱን እየነካ ይገፋበታል፤ ቀዘፋ የሚባለው ጥልቁ ላይ ነው። ምንባቡ «ረጅም የቀርከሃ» ስለሚል አንዳንዱ ልጅ ግራ ሊጋባ ይችላል፤ «የቀርከሃ» ብቻ ይበቃል።

ስለ 6 ደግሞ ከመምህርት ጋር አልስማማም። «ፈጥነው ይመለሳሉ» ነው ሰው የሚለው። «በፍጥነት ይመለሳሉ» የዜና አማርኛ ነው። ቁልፉ ላይ «ፈጥነው» ይጻፍ።

አቡጊዳ

«ፈጥነው» ግሥ ነው እኮ፤ ተውሳከ ግሥ አይደለም። ከተፈቀደ «የከበደ»ም ሊፈቀድ ነው።

የሰዋስው ወዳጅ

አቡጊዳ የያዝከው ነጥብ ጠንካራ ነው፤ ግን ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም። አማርኛ ንጹህ ተውሳከ ግሥ እጅግ ጥቂት ነው ያለው፤ «ቶሎ»፣ «ገና»፣ «ክፉኛ» ያሉት ናቸው። የቀረውን ሥራ የሚሠሩት ሌሎች ናቸው። ከስም በፊት «በ» ይገባል፦ በፍጥነት፣ በጥልቀት። ከቅጽል ጋር «በ» እና «ኡ» ይሆናሉ፦ በቀላሉ፣ በሰፊው፣ በአጭሩ። ደግሞ እንደ «ፈጥነው»፣ «አጥብቆ»፣ «ደጋግሞ» ያለው ግሥ ራሱ ሌላውን ግሥ ያብራራል። ሦስተኛውን ከከለከልን የቋንቋውን ትልቁን መንገድ መዝጋት ነው።

የሚያስቸግረው ሌላ ነው። ሦስቱ መንገዶች አንድ ግሥ ላይ ሁልጊዜ አይሠሩም። «ፈጠነ» በፍጥነት ይላል፤ «በፈጣኑ» አይልም። «ቀለለ» በቀላሉ ይላል፤ «በቅለት» አይልም። «አጠረ» የበለጠ ያሳስታል፦ «በአጭሩ አስረዳ» ትክክል ሲሆን፣ ስሙ «እጥረት» ግን የሌለ ነገርን የሚያመለክት ሆኗል፤ የውሃ እጥረት እንደምንለው። «በእጥረት አስረዳ» የጻፈ ልጅ «በ ሲደመር ስም» የሚለውን ሕግ ጠብቆ ነው የወደቀው። «ቀረበ» ደግሞ ሁለቱንም ይሰጣል፣ ትርጉሙ ግን ይለያያል፦ «በቅርቡ» ስለ ጊዜ ነው፣ «በቅርበት» ስለ ርቀት ወይም ስለ ትኩረት። «ሥራውን ____ ይከታተላል» ካልሽ በቅርበት፤ «____ ይጀመራል» ካልሽ በቅርቡ።

አንዱ መፍትሔ «በ»ን ራስሽ ከባዶው በፊት ማተም ነው፦ «በ____ ይመለሳሉ»። ያን ጊዜ «ፈጥነው» አይገባም። ጉዳቱ ጥያቄው ተውሳከ ግሥን መጠየቁ ቀርቶ ስምን መጠየቁ ነው። ሌላው መፍትሔ ሁለቱንም በቁልፉ ላይ ማስፈር ነው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

አቡጊዳ

እኔ አሁንም «በ» ይታተም እላለሁ። 60 ወረቀት የሚያርም መምህር ለእያንዳንዱ ቁጥር ሦስት መልስ ማስታወስ አይችልም። ስለ ውስጥ ለውጡ ግን ተቀብያለሁ። ታዲያ ለልጆቹ ምን ይሰጣቸዋል? የውስጥ ለውጡን እንዴት ይለማመዱት?

የሰዋስው ወዳጅ

አንድ ግሥ መርጠህ እስከ መጨረሻው መሄድ ይሻላል፤ ሃያ ግሥ እየነካኩ ከማለፍ። የምመርጠው «ቆረጠ»ን ነው፤ ምክንያቱም አንድ ፊደል ብቻ የሚለያያቸው ብዙ ቃላት ይወልዳል። በየዓረፍተ ነገሩ አንድ ብቻ እንዲገባ አድርጌ እንዲህ እጽፋለሁ፦

«ሥጋ ____ው ቢላዋውን ሳለ።» ቆራጭ።
«ዳቦውን ስድስት ____ አድርገህ አካፍላቸው።» ቁራጭ።
«____ ሴት ናት፤ አንዴ ከወሰነች ወደ ኋላ አትልም።» ቆራጥ።
«ያልበሰለ ማንጎ በልቶ ሆዱን ____ ያዘው።» ቁርጠት።
«የሽቦ ____ ጠፋብኝ።» መቁረጫ።
«የደንገሉ ____ ከቦታ ቦታ ይለያያል።» አቆራረጥ።

እዚህ ላይ ተማሪው እንዲያይ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ «ጠ» መቼ «ጭ» እንደሚሆን። የሚሠራውን ሰው (ቆራጭ)፣ ተቆርጦ የሚወጣውን (ቁራጭ) እና መሣሪያውን (መቁረጫ) ስንል ይለወጣል። የባሕርይ ቅጽሉ (ቆራጥ)፣ የሁኔታ ስሙ (ቁርጠት) እና አኳኋኑ (አቆራረጥ) ላይ አይለወጥም። ምክንያቱ የአድራጊው ስም መጨረሻ ላይ «ኢ» ስለነበረበት ነው፤ «ቀዛፊ»፣ «ሰባሪ» ላይ እስካሁን ይሰማል። «ኢ» ከአንዳንድ ፊደላት ጋር ሲገናኝ ፊደሉን ወደ ላንቃ ይስበውና ራሱ ይጠፋል። እነዚህ ፊደላት ጥቂት ናቸው፦ ደ ጅ ይሆናል (ወሰደ፣ ወሳጅ)፣ ተ ች (ከፈተ፣ ከፋች)፣ ጠ ጭ፣ ሰ ሽ (ለበሰ፣ ለባሽ)፣ ዘ ዥ (ያዘ፣ ያዥ)፣ ነ ኝ (ለመነ፣ ለማኝ)፣ ለ ይ (ከፈለ፣ ከፋይ)። ለመሣሪያውም እንደዚያው ነው፦ መውሰጃ፣ መክፈቻ፣ መልበሻ፣ መያዣ፣ መለመኛ፣ መክፈያ።

ስሕተቱ በሁለት አቅጣጫ ይመጣል። አንዱ ለውጡን ረስቶ «ከፋቲ» ይጽፋል፤ ይህ ትንንሽ ልጆች ላይ እንጂ 9ኛ ክፍል ላይ ብዙም አይታይም። ሌላው ለውጡን በማይገባበት ያስገባል፦ «አከፋፈች»፣ «አቆራረጭ»። ሕጉን አውቆ ወሰኑን ያላወቀ ልጅ ይህን ይጽፋል፤ ስለዚህ መምህሩ «የተማረውን ረሳ» ብሎ ቢደመድም ይሳሳታል። ትክክለኛው እርማት «ሰውየው ነው ወይስ አኳኋኑ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ልጁ «አኳኋኑ» ካለ ፊደሉን ራሱ ይመልሳል።

4 ላይ «ከባድ» ለምን «ከባጅ» እንዳልሆነም ከዚሁ ይታያል። ከባድ፣ ፈጣን፣ ቀላል የነገሩን ባሕርይ የሚነግሩ እንጂ የሚያደርግ ሰው አይደሉም፤ ስለዚህ ደ፣ ነ፣ ለ ባሉበት ይቆያሉ።

የሁለት ልጆች እናት

አማርኛው ላይም አንድ ልጠይቅ ታዲያ። የታናሹ ልጄ ወረቀት ላይ «ቀኑን ሙሉ ሲቀዝፍ ውሎ ____ [ደከመ] ተሰማው» ይላል። «ድክመት» ብሎ ጽፎ ኤክስ ተደረገበት። ልክ ነው?

የሰዋስው ወዳጅ

ቁልፉ «ድካም» ነው፤ «ሲቀዝፍ ውሎ» የሚለው ይጠቁማል። ድካም ከሥራ በኋላ የሚመጣና በዕረፍት የሚሄድ ነው፤ ድክመት የጉልበት ወይም የሥራ ጉድለት ነው፤ «የአሠራር ድክመት» እንደምንለው። ግን «ድክመት ተሰማው» ሰው ሲታመም የሚባል ስለሆነ ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ባዶ አይደለም። «ትንሽ ሲያርፍ ለቀቀው» የሚል ቢጨመርበት ይዘጋ ነበር።

7 ላይ ያለውም የዚህ ወንድም ነው፤ ሦስት ስሞች አሉት። «የብዙ ዓመት ____ ያላቸው ቀዛፊዎች» ብትዪ ልምድ ብቻ ይገባል። «ከውድድሩ በፊት በየማለዳው ____ ያደርጋሉ» ልምምድ። «ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ____ ነው» ልማድ። «የረጅም ጊዜ ____ ያስፈልጋል» ያልሽው ግን ልምድንም ልምምድንም ይቀበላል፤ ልጁ አልተሳሳተም።

ፊደል ጠባቂ

ስለ ፊደል አጻጻፍ ማንም አልተናገረም። ተማሪው «ዓሣ»ን «አሳ»፣ «ፀሐይ»ን «ጸሀይ» ብሎ ሲጽፍ ዝም ይባላል? ቃል ምሥረታ እየተማረ ሥርወ ቃሉን የሚያበላሽ ከሆነ ምን ተማረ? «ሠራ» ተሰጥቶት «ሰራተኛ» ብሎ የጻፈ ግማሽ ነጥብ ሊቀነስበት ይገባል። ፊደሉ የዘሩ ምልክት ነው።

ጣና ዳር መምህርት

ፊደል ጠባቂ፣ አከብራለሁ፤ ግን በዚህ መልመጃ ላይ አልቀንስም። የምለካው ሌላ ነገር ነው። ለእያንዳንዱ ባዶ 2 ነጥብ አድርጌአለሁ፤ 1 ለክፍሉ (ስም በሚፈለግበት ስም መጻፉ)፣ 1 ለትክክለኛው ቅርጽ። 4 ላይ «ክብደት» የጻፈ ቅጽል ስላልጻፈ 0 ያገኛል፤ 5 ላይ «አጥማጅ» ብሎ ብዙ ቁጥሩን የረሳ 1 ያገኛል። ሦስተኛ ነገር ከጨመርኩ ተማሪው የቀነሰበትን ምክንያት መለየት አይችልም።

ፊደል ጠባቂ

ነጥብ ባይቀነስ እንኳ በቀይ ይሰመርበት። ካልተሰመረበት ትክክል ነው ብሎ ይሄዳል። በዚህ አልስማማም።

ዘጌ ማዶ

በቅንፍ ስለሚሰጠውስ? አንዳንድ መልመጃ ላይ «ቅ-ዝ-ፍ» ተብሎ ፊደላቱ ብቻ ይሰጣሉ። ይህ አይሻልም?

የሰዋስው ወዳጅ

ለ«ቀዘፈ»ና ለ«ቆረጠ» ይሠራል፤ ሦስቱም ተነባቢዎች አሉ። «ሰፋ»፣ «ገዛ»፣ «ቀረ» ላይ ግን ይሰናከላል፤ ሁለት ብቻ ይታያሉ፣ ተማሪው የጎደለውን ከየት ያመጣል? «ቆረጠ» ላይም ቢሆን «ቅ-ር-ጥ» ብትለው የ«ቆ» ድምፅ ይጠፋበትና «ቀራጭ» ይጽፋል፤ ያ ደግሞ ቀረጥ ሰብሳቢው ነው። ስለዚህ ግሡን በኀላፊ ጊዜ መስጠት ለትምህርት ቤት ይበልጣል።

ጣና ዳር መምህርት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የተስተካከለው ይኸው። ትእዛዙ፦ «በቅንፍ ካለው ግሥ አንድ ቃል መሥርተህ ባዶውን ሙላ። በ"የ" የሚጀምር ግሥ መልስ አይሆንም። ብዙ ቁጥር የሚያስፈልገውን በብዙ ቁጥር ጻፍ።»

«በጣና ዳርቻ ታንኳ ከደንገል ይሠራል። የታንኳው (1) ____ [ሰፋ] ብዙ አይደለም። ታንኳው ላይ የሚቀመጠው (2) ____ [ቀዘፈ] የቀርከሃ (3) ____ [ቀዘፈ] ይይዛል። የሐይቁ ከፍተኛ (4) ____ [ጠለቀ] 14 ሜትር ገደማ ነው፤ ነፋስ ሲነሣ ግን ማዕበሉ ለታንኳ በጣም (5) ____ [ከበደ] ነው። ስለዚህ የብዙ ዓመት (6) ____ [ለመደ] ያላቸው ዓሣ (7) ____ [አጠመደ] ሰማዩ ሲጠቁር (8) ____ [ፈጠነ] ወደ ዳር ይመለሳሉ።»

8 ላይ «በፍጥነት»ም «ፈጥነው»ም ቁልፌ ላይ ገብተዋል። አቡጊዳ ቅር ይልሃል፤ ግን ሁለት ብቻ ናቸው፤ አይረሱም። ከመስጠቴ በፊት ሁለት ባልደረቦቼ ቁልፉን ሳያዩ ይሞሉታል፤ የተለያዩበት ባዶ ካለ ጥያቄው ይለወጣል።

አቡጊዳ

ቅር አይለኝም። «በጣም» መጨመርሽ ጥሩ ነው፤ «በጣም ክብደት ነው» ስለማይባል ስሙን ይዘጋል።

የሰዋስው ወዳጅ

አዲሷ 1 ላይ ግን አንድ ነገር አለ። «ሰፋ» በጽሑፍ ሁለት ግሥ ነው፤ የወርዱም የመርፌውም። «ሰፊ» ወርዱ ትልቅ የሆነ ነገር ነው፤ ልብስ የሚሰፋውም «ሰፊ» ነው። ስማቸው ሲመጣ ግን ይለያያሉ፤ ስፋት እና ስፌት። «የታንኳው ____ ብዙ አይደለም» ላይ ልጁ «ስፌት» ብሎ ቢጽፍ ምን ትዪዋለሽ? ደንገሉ እየታሠረ ነው የሚያያዘው፤ ግን ከተማ ውስጥ ያደገ ልጅ ይሰፋል ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። «የታንኳው ርዝመትና ____» በዪው፤ ከርዝመት ጎን ስፋት እንጂ ስፌት አይቆምም።

ጣና ዳር መምህርት

ለወጥኩት። «የታንኳው ርዝመትና (1) ____ [ሰፋ] እንደ ሠሪው ይለያያል።»